መጀመሪያ ግራና ቀኝ፣ ከዚያ ስልኩ

ዘፈን እየሰማችሁ የግራው ጆሮ ድንገት ዝም ይላል። ማዳመጫውን ወደ ሳጥኑ መልሳችሁ ታወጡታላችሁ፤ ስልኩም መገናኘቱን ያሳያችኋል፤ ድምፁ ግን አሁንም ከቀኙ ብቻ ነው። የቀኙን አስቀምጣችሁ የግራውን ብቻ ብታወጡ ደግሞ እሱም ደህና አድርጎ ይሠራል። ለየብቻ ይሠራሉ፣ አብረው አይሠሩም። ገበያው በጅምላ ኤርፖድ በሚላቸው ገመድ አልባ ማዳመጫዎች ላይ ይህ ሲደርስ ብዙ ሰው «አንዱ ተቃጥሏል» ብሎ ሁለቱንም መሳቢያ ውስጥ ይጥላቸዋል። ለብቻው የሚሠራ ማዳመጫ ግን አልተቃጠለም። የጠፋበት ጓደኛው ነው። ሁለቱን መልሶ ማገናኘት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲሆን የሚሳካው ግን ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ ነው። ደጋግመው ሪሴት አድርገው ያልተሳካላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህን ያህል የሚወስነው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ድምፁ ከአንድ ስልክ ወደ ሁለት ጆሮ እንዴት እንደሚደርስ ማየት ያስፈልጋል። ሙዚቃ በብሉቱዝ ሲላክ አሠራሩ የታሰበው ለአንድ ተቀባይ ነበር፤ አንድ ስልክ፣ አንድ ሄድሴት። ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ሽቦ ሲቀር ተቀባዩ ሁለት ሆነ፤ ስልኩ ግን አሁንም የሚያነጋግረው አንዱን ነው። አምራቾች ይህን የተወጡት ከሁለቱ አንዱን ዋና በማድረግ ነው። ስልኩ የሁለቱንም ጆሮ ድምፅ ለዋናው ይልካል፤ ዋናው የራሱን ይወስድና የቀረውን ለጓደኛው ያሳልፋል። በሌሎች ሞዴሎች ደግሞ ሁለተኛው ማዳመጫ ማንም ሳያሳልፍለት፣ ስልኩ ለዋናው የሚልከውን ራሱ በቀጥታ ያደምጣል፤ ለዚህም ዋናው የግንኙነቱን ቁልፍ አስቀድሞ ያካፍለዋል። በሁለቱም መንገድ ስልኩ የሚያየው አንድ ማዳመጫ ብቻ ነው። ሁለተኛው መኖሩን የሚያውቀው ዋናው ነው።

እንግዲህ በአንድ ጥንድ ኤርፖድ ውስጥ ሁለት ትውውቆች አሉ ማለት ነው። አንደኛው በግራውና በቀኙ መካከል ያለው ነው፤ ሌላው በጥንዱና በስልኩ መካከል ያለው። የመጀመሪያው ዕቃው ከፋብሪካ ሳይወጣ ያለቀ ነው። እያንዳንዱ ማዳመጫ የራሱ የብሉቱዝ አድራሻ አለው፤ የጓደኛውንም አድራሻ በውስጡ መዝግቦ ይይዛል፤ ከሳጥኑ በወጣ ቁጥርም ያንን ጓደኛ ይፈልጋል። እኛ ስልካችን ላይ ስሙን ነክተን የምናደርገው ሁለተኛውን ትውውቅ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ከፈረሰ ስልኩ ላይ የፈለግነውን ያህል ብንነካካ አይጠገንም፤ እንዲያውም መነካካቱ ነገሩን ያብሰዋል።

የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የግራው በሆነ ምክንያት ቻርጅ ሳያደርግ ያድርና ባትሪው ያልቃል። ጠዋት የቀኙ ከሳጥን ሲወጣ ጓደኛውን ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ብቻውን ከስልኩ ጋር ይገናኛል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች በአንድ ጆሮም እንዲያገለግሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ማታ የግራው ቻርጅ አግኝቶ ሲነቃ ሰው ስልኩን ከፍቶ እሱንም ለብቻው ሲያገናኘው ነው። አሁን ስልኩ ላይ ሁለት ማዳመጫ ተመዘገበ፤ ሁለቱም ራሳቸውን እንደ ዋና ቆጠሩ። ከዚህ በኋላ ከሳጥን በወጡ ቁጥር መጀመሪያ የነቃው ስልኩን ይይዛል፣ የዘገየው ባዶ እጁን ይቀራል። ሌላው መንገድ ሳያውቁት ሪሴት ማድረግ ነው። በብዙ ሞዴሎች አጥፊውና ሪሴት አድራጊው ያው አንድ ቁልፍ ነው፤ ልዩነቱ ተጭኖ የመቆያው ጊዜ ብቻ ነው። አንዱን ላጥፋ ብሎ አብዝቶ የጫነ ሰው የዚያኛውን መዝገብ ጠርጎታል፤ ጓደኛው ግን አሁንም የድሮውን መዝገብ እንደያዘ ነው።

ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት ችግሩ በእርግጥ ይህ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከጊዜ ብክነት የሚያድናችሁ ይህ ነው። የቀኙን ብቻ አውጥታችሁ አንድ ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ እሱን መልሳችሁ የግራውን ብቻ አውጡና ያንኑ ዘፈን ክፈቱ። ሁለቱም ለየብቻ ጥሩ ድምፅ ካወጡ ችግሩ የትውውቅ ነው። አንዱ መብራቱ እንኳን ካልበራ ችግሩ የቻርጅ ነው፤ ሪሴት አይፈታውም። አንዱ ተገናኝቶ ድምፁ በጣም ከቀነሰ የድምፅ መውጫው ወንፊት በጆሮ ኩክ ተደፍኖ ይሆናል፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ቀስ ተብሎ ይጸዳል። ሌላም ብዙ ሰው የማይገምተው አለ፦ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ፣ በተደራሽነት ክፍሉ፣ የግራና የቀኝ ድምፅ ማመጣጠኛ መስመር አለ። ጠቋሚው ወደ አንድ ጥግ ተገፍቶ ከሆነ ጤነኛው ማዳመጫ ዝም ይላል። ወደ መሐል መመለስ ብቻ በቂ ነው።

ትክክለኛው ምልክት ግን ከሁሉም ይልቅ የሚታየው ስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ላይ ነው። ጤነኛ ጥንድ እዚያ የሚታየው በአንድ ስም ነው። አንዱ ስም ሁለት ጊዜ ከተደገመ፣ ወይም አንዱ መጨረሻው ላይ L ሌላው R ካለበት፣ ሁለቱ እንደ ባዕድ መተያየት ጀምረዋል ማለት ነው። አንዳንድ ሞዴሎች ግን ደህና ሆነውም ሁለት ስም ሊያሳዩ ስለሚችሉ ዕቃው አዲስ ሳለ ዝርዝሩ ላይ ምን ይታይ እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው እርምጃ ማዳመጫውን መንካት አይደለም፤ ከስልኩ ማጥፋት ነው። ብሉቱዝ ዝርዝሩ ውስጥ ገብታችሁ ስሙ አጠገብ ያለውን ምልክት ትነኩና Forget ወይም Unpair የሚለውን ትመርጣላችሁ። ስሙ ሁለት ቦታ ካለ ሁለቱንም አጥፉ። ከዚያ የስልኩን ብሉቱዝ ዝጉት። ይህን ኤርፖድ ተጠቅሞ የሚያውቅ ሌላ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ታብሌት ወይም ቴሌቪዥን ቤት ውስጥ ካለ የእነሱንም ብሉቱዝ ዝጉ። ከሁሉም የሚዘለለው እርምጃ ይህ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚጎዳውም እሱን መዝለል ነው። በሪሴቱ መሐል አንደኛው ማዳመጫ ነቅቶ የሚያውቀው ስልክ ካገኘ ጓደኛውን ሳይጠብቅ ከስልኩ ጋር ይገናኛል፤ ነገሩም ወደነበረበት ይመለሳል።

ቀጥሎ ሁለቱንም ሳጥኑ ውስጥ አስገብታችሁ ቻርጅ አድርጉ። ሳጥኑ ራሱ ባዶ ከሆነ ማዳመጫዎቹ መግባታቸውንና መውጣታቸውን ላያውቁ ስለሚችሉ ሳጥኑም ቻርጅ ይደረግ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ሲገቡ የሁለቱም መብራት መብራቱን ተመልከቱ፤ የአንዱ ካልበራ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ የብረት ጫፎችና ማዳመጫው ላይ ያሉትን ክብ የብረት ነጥቦች እዩ። ላብና የጆሮ ኩክ እዚያ ይደርቃል። የጥጥ ዘንግ በጥቂቱ በአልኮል አርሶ መጥረግና በደንብ ማድረቅ ይበቃል።

ሦስተኛው ራሱ ሪሴቱ ነው። እዚህ ላይ ደንቡ አንድ ነው፦ ሁለቱም አንድ ላይ፣ በአንድ ጊዜ። የቀኙን ዛሬ የግራውን ነገ፣ ወይም «የተበላሸው የግራው ስለሆነ እሱን ብቻ» አይሆንም። የአንዱ መዝገብ ተጠርጎ የሌላው ከቀረ ያልተጠረገው የሚፈልገው ጓደኛ ከእንግዲህ እሱን አያውቀውም። አደራረጉ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ መመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ተከተሉ። በብዙ የተሸጠውን ሬድሚ ኤርዶትስን ብንወስድ፣ ሁለቱ ከሳጥን ወጥተው በቁልፋቸው ይጠፋሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ቁልፎች ለ15 ሰከንድ ያህል፣ ቀይና ነጭ መብራት እየተፈራረቀ እስኪበራ ድረስ፣ ተጭነው ይያዛሉ። አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለው፦ ቁልፉን ስትጫኑ መጀመሪያ ሌላ መብራት ይበራል፤ እሱ መብራቱ ብቻ ነው፣ ሪሴቱ አይደለም። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይለቀዋል። ጣታችሁን የምታነሡት ቀይና ነጩ ከተፈራረቀ በኋላ ነው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ከዘገየ፣ የዘገየው እስኪያሳይ ድረስ ያዙት እንጂ ሁለቱንም አትልቀቁ።

አራተኛው እርምጃ ሥራ የሌለበት ስለሚመስል ይዘለላል፤ ቁም ነገሩ ግን እዚህ ነው። ሪሴት የተደረጉትን ሁለቱንም ወደ ሳጥኑ መልሱ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ጥቂት ቆይታችሁ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አውጡና ምንም ሳትነኩ ጠረጴዛ ላይ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። ስልኩ አሁንም ዝግ ነው። ሁለቱ ሲነቁ መብራታቸው በፍጥነት ይርገበገባል፤ አንዱ ሌላውን እየፈለገ ነው። ከሰከንዶች በኋላ የአንደኛው መብራት ይጠፋል ወይም ይረጋጋል፣ የሌላው ብቻ መርገብገቡን ይቀጥላል። ያ ለውጥ ነው የሚጠበቀው። መርገብገቡን የቀጠለው ዋና ሆኗል፣ ስልክ እየጠበቀ ነው፤ የተረጋጋው ጓደኛውን አግኝቷል። ሁለቱም እኩል መርገብገባቸውን ከቀጠሉ አልተገናኙም፤ ስልኩን ለመክፈት አትቸኩሉ፣ ወደ ሦስተኛው እርምጃ ተመለሱ።

አምስተኛውና የመጨረሻው ስልኩ ነው። ብሉቱዙን ክፈቱ፣ ዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ብቻ መምጣቱን ተመልከቱ፣ እሱን ንኩ። አንዳንድ ሞዴሎች የመጀመሪያው ከተገናኘ በኋላ ሁለተኛ የፍቃድ ጥያቄ ያመጣሉ፤ እሱንም ተቀበሉ፣ አለበለዚያ ሁለተኛው ጆሮ ዝም ይላል።

አንዲት የማታ ተማሪ የሆነች ጎረቤቴ በዚህ ተቸግራ ነበር። ትምህርቷን የምትሰማው መንገድ ላይ በኤርፖድ ነው፤ የግራው ከሁለት ሳምንት ወዲህ አልሠራ ብሏታል። «ሪሴት እኮ አድርጌዋለሁ፣ ሁልጊዜ አደርገዋለሁ» አለችኝ። ስልኳ ላይ ስሙ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ለየብቻ ሲሞከሩ ሁለቱም ጥርት ያለ ድምፅ አላቸው። አደራረጓን እንድታሳየኝ ስጠይቃት ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ ሪሴት የምታደርገው የግራውን ብቻ ነው፣ ያውም ብሉቱዟ ክፍት ሆኖ። የቀኙ መብራት በዝግታ ሰማያዊ ብልጭ ይላል፤ ከስልኩ ጋር ሆኖ ደህና ነው። የግራው ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቀ ይርገበገባል። ቀኙ እየሰማው አይደለም፤ ከስልኩ ጋር ሥራ ላይ ነው። ሁለቱንም ስሞች አጠፋን፣ ብሉቱዟን ዘጋን፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሪሴት አደረግን፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናቸው። የግራው መብራት መርገብገቡን አቆመ። ስልኩን ስንከፍት ግን አልታየም። ወንድሟ ጎን ካለው ክፍል «ኤርፖድሽ ስልኬ ላይ ተገናኘ» ብሎ ተጣራ። ሪሴቱ የማዳመጫዎቹን መዝገብ ቢጠርግም የእሱ ስልክ ስሙን ገና አልረሳም ነበርና ሲነቁ አግኝቷቸው ኖሯል። ስልኩ ላይ ያለውን አጥፍቶ ብሉቱዙን ዘጋ፤ እኛም ከሦስተኛው እርምጃ ጀመርን። ከዚያ በኋላ የስልኳ ዝርዝር ላይ አንድ ስም ብቻ መጣ፣ ሁለቱም ጆሮ ተናገረ።

ሥራው ማለቁን የሚያረጋግጠው ግን የመጀመሪያው ድምፅ አይደለም። ሁለቱን ወደ ሳጥኑ መልሳችሁ ክዳኑን ዝጉ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ምንም ሳትነኩ አውጧቸው። በራሳቸው ተገናኝተው በሁለቱም ጆሮ ከተሰሙ ትውውቁ ተመዝግቧል። መገናኘት የቻሉት በእጅ ሲታገዙ ብቻ ከሆነ አልተመዘገበም።

የአፕል ኤርፖድ አካሄድ ይለያል፤ ግን ሐሳቡ ያው ነው። ቁልፉ ያለው ሳጥኑ ላይ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ መሆን የሚያስገድደው ራሱ አሠራሩ ነው። ሁለቱን አስገብቶ ክዳኑን ለ30 ሰከንድ መዝጋት፣ ከፍቶ ከስልኩ ላይ Forget This Device በሚለው ማጥፋት፣ ከዚያ ክዳኑ ክፍት እንዳለ የሳጥኑን ጀርባ ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ያህል፣ መብራቱ ብርቱካናማ ብልጭ ብሎ ወደ ነጭ እስኪለወጥ ድረስ መያዝ ነው። የኋላ ቁልፍ የሌላቸው አዳዲሶቹ ሳጥኖች አሠራር ሌላ ስለሆነ የእነሱን መመሪያ ማየት ይሻላል። የሳምሰንግን የመሳሰሉት ደግሞ የራሳቸው አፕ ስላላቸው ሪሴቱ የሚደረገው ከዚያ ነው።

ብሉቱዝ 5.2 በ2020 መጀመሪያ ሲወጣ ስልኩ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ፣ ግን በአንድ ምት የተሳሰረ ድምፅ እንዲልክ የሚያስችል አሠራር ይዞ መጥቷል። ለዚህ ግን ስልኩም ማዳመጫውም ያንን የሚችሉ መሆን አለባቸው። ርካሹ ገበያ ውስጥ አሁንም በብዛት ያለው የዋናና የሁለተኛው አሠራር ነው።

ሪሴት የማይፈታውንም ለይቶ ማወቅ ደግ ነው። ስልኩ የቀኝ ኪስ ውስጥ ሆኖ የግራው ጆሮ የሚቆራረጠው ሜዳ ላይ ብቻ ከሆነና ቤት ውስጥ ደህና ከሆነ ትውውቁ አልፈረሰም። ብሉቱዝ የሚጓዝበትን 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ውኃ ይመጥጠዋል፤ ሰውነታችንም ጭንቅላታችንም በአብዛኛው ውኃ ነው። ቤት ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳ ተመልሶ ይደርሳል፤ ሜዳ ላይ የሚመልሰው የለም። ስልኩን ወደ ሌላው ኪስ ማዛወር ነው የሚሞከረው።

ሌላው ባትሪ ነው። ዋናው ማዳመጫ ከስልኩ ተቀብሎ ለጓደኛው ስለሚያሳልፍ የበለጠ ኃይል ያወጣል፤ ዋናው ሁልጊዜ አንድ ወገን በሆነባቸው ሞዴሎች የዚያ ወገን ባትሪ ቀድሞ ያረጃል። ሁለቱ ከተስተካከሉ በኋላ በሳምንቱ እንደገና ከተለያዩና ቀድሞ የሚያልቀው ሁልጊዜ አንዱ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። እንዲህ ባለው ላይ ሪሴቱ ይሠራል፣ ግን አይቆይም።

ከጠፋበት አንዱን ብቻ ገዝቶ የሚያጣምር ሰውም አለ። መልኩ አንድ ዓይነት መሆኑ አይበቃም፤ ሞዴሉ አንድ መሆን አለበት፤ የውስጥ ሶፍትዌራቸው ከተለያየም ላይግባቡ ይችላሉ። በርካሾቹ ላይ ደግሞ አንድ ዓይነት ሳጥንና አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸው ማዳመጫዎች ውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ይሆናል፤ እነዚህ ምንም ቢደረጉ አይተዋወቁም። ስለዚህ ነጠላ ማዳመጫ ስትገዙ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ ውስጥ ሁለቱን አብራችሁ ሪሴት አድርጉ፣ የአንዱ መብራት እስኪረጋጋ ጠብቁ፣ ሳጥን ውስጥ አስገብታችሁ መልሳችሁ አውጡ፣ በሁለቱም ጆሮ ሰምታችሁ ክፈሉ።